ወራሽ ያጣ ደን፦ ስለ ደን ጭፍጨፋና ብዝኃ ሕይወት ለተጠየቀ የፈተና ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ «የደን ባለሙያ ስለሆኑ ነው የምጠይቅዎ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ‹የሰው ልጅ በሥነ ምህዳር ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ፣ የደን ጭፍጨፋን፣ የብዝኃ ሕይወት መመናመንንና የጥበቃ እርምጃዎችን በምሳሌ አስረዳ› የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። እኔ የምጽፈው ኢትዮጵያ ድሮ 40 በመቶ ደን ነበራት፣ አሁን 3 በመቶ ቀራት፣ ስለዚህ ዛፍ እንትከል የሚለውን ነው። ከ20ው ከ8 በላይ አግኝቼ አላውቅም። ምንድን ነው የጎደለኝ?»

መልስ፦

መጀመሪያ 40 በመቶዋን እንተዋት። ይህች ቁጥር በየመጽሐፉና በየንግግሩ ስለተደጋገመች እውነት ትመስላለች። ግን ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱን ደን የለካ ሰው አልነበረም። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ተመራማሪ ምንጯን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከሥሯ ምንም ልኬት እንደሌለ አሳይቷል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ሰዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሷቸው ፎቶግራፎችም አሉ። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው በድጋሚ ሲያነሱ ብዙው ተራራ ያኔም ገላጣ ነበር። እንዲያውም ዛሬ ዛፍ የበዛበት ቦታ ብዙ ነው። 3 በመቶዋም እንደዚያው ናት። በ2015 እ.ኤ.አ. አገራችን የደን ትርጉሟን ቀየረች። ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት ያለው፣ ዛፎቹ 2 ሜትር የሚደርሱ፣ ጥላቸውም ከመሬቱ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሸፍን ከሆነ ደን ይባላል። በዚህ ስሌት የደን ሽፋናችን 15.5 በመቶ ሆነ። አንድም ዛፍ ሳይጨመር ማለት ነው። የቆላው ደረቅ ደን ስለተቆጠረ ነው።

ይህን ያነሳሁት የደን ጭፍጨፋ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። በዚያው አዲስ ትርጉም ሲሰላ ከ2000 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዓመት 92,000 ሄክታር ገደማ ደን ጠፍቷል። ይህ ብዙ ነው፤ ያሳስባልም። ግን አንተ ነጥብ ያጣኸው በቁጥሩ ብቻ አይደለም። «ደን ተቆረጠ፣ እንስሳት ጠፉ፣ አፈር ታጠበ፣ እንትከል» ብለህ ስትጽፍ ዝርዝር ነው የሰጠኸኝ። አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣው አልነገርከኝም። ለብዙ ዓመታት ወረቀት አርሜያለሁ። ነጥብ የሚያሰጠው «ስለዚህ» የምትለው ቃል በትክክለኛ ቦታዋ ስትገባ ነው።

ስለዚህ አንድ ምሳሌ ያዝ፤ እሱን ከላይ እስከ ታች እወቀው። እኔ የምመክርህ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። ምናልባት በልጅነትህ ከሥራቸው ተቀምጠህ ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብቀህ ይሆናል። አራቱም የጥያቄው ክፍሎች እዚያው ናቸው።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስትሄድ በመስኮት ተመልከት። ታረሰ፣ ተዘራ፣ ታጨደ፤ ሁሉም እርሻ ነው። በመሃል ክብ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ታያለህ። መሃሉ ላይ የቆርቆሮ ጉልላት ብልጭ ይላል። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከ1,000 በላይ ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ከ10 ሄክታር ያነሱ ናቸው። እንደ ደራ ገላውዲዎስ 100 ሄክታር ገደማ የሚደርስ ሲገኝ እንደ ብርቅ ይታያል። የአካባቢው ሊቃውንት ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል። ዛፍ የሌለው ደብር እርቃኑን እንደቆመ ሰው ነው። ለዚህ ነው ሁሉ ሲቆረጥ ይህ የቀረው።

ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በዚህ ጉዳይ ላይ ረጅም ጊዜ ሠርተዋል። የዶክትሬት ጥናታቸውን በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት በእነዚሁ ደኖች ላይ ነው። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሎል፣ ዶቅማ፣ ኮሶ እና ሌሎችም አሉ። እነዚህ ዛፎች ከአጥሩ ውጪ ባለው መሬት ላይ የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአንድ አካባቢ የደጋ ደን ዘር የተቀመጠው በእነዚህ ነጠብጣቦች ውስጥ ነው። ለፈተናህ ይህች ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ናት።

አሁን ጭፍጨፋው እንዴት እንደሆነ እንይ። ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች አሉ። ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ባሉበት ነበሩ። ስፋታቸው ብዙም አልተለወጠም። የጠፋው በመካከላቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። በአንዱ ደብርና በሌላው ደብር መካከል አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ፣ አልፎ አልፎም ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። ሕዝብ በዛ፤ ስለዚህ የሚታረሰው መሬት ወደ ገደሉና ወደ ወንዙ ዳር ገፋ። ለማገዶ የሚሆነውም ከዚያው ተለቀመ። ቁጥቋጦው ቀስ እያለ፣ ማንም ሳያለቅስለት ሄደ። ለትልቅ ዛፍ መውደቅ ሰው ይጮኻል። ለቀጋና ለአጋም የሚጮህ የለም።

ለሰው ቁጥቋጦ ከንቱ ይመስላል። ለወፍ ግን መንገድ ነው። የዝግባንና የወይራን ፍሬ የሚበሉ ወፎችና ጦጣዎች ዘሩን ይዘው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ የደን ውስጥ ወፎች ግን ገላጣ ሜዳ ይፈራሉ፤ 3 ኪሎ ሜትር የጤፍ ማሳ አቋርጠው ወደሚቀጥለው ደብር አይሄዱም። ስለዚህ የመካከሉ ሲጠፋ እያንዳንዱ ደን ደሴት ሆነ። ደሴት ላይ የቀሩት ጥቂት ዛፎች እርስ በርስ ብቻ ይዳቀላሉ። አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ አንዱን ዓይነት ቢያጠፋው፣ ከጎረቤት ዘር አምጥቶ የሚተካው የለም። በትምህርት መጽሐፍህ የመኖሪያ አካባቢ መቆራረጥ የሚባለው ይኸው ነው።

የመሬቱ ታሪክም መግባት አለበት። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ የእርሻ መሬቷን አጣች። የቀራት ግቢዋና ደኗ ነው። ገቢው ቀነሰ። ጣሪያ ሲያፈስ፣ አጥር ሲፈርስ፣ ገንዘብ ከየት ይምጣ? አንዳንዱ ደብር ከደኑ ጠርዝ ላይ አንስቶ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይሸጣል፤ ወይራ ግን የልጅ ልጅን ይጠብቃል። በካህናቱ አልፈርድም። እነሱም ቤተ መቅደሱን ማቆም አለባቸው። ግን ከባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ነገር እምብዛም አይበቅልም፤ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ ደኑ የሰፋ ይመስላል። በምስል ብቻ የሚለካ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ጉዳት የጠርዝ ጉዳት ይባላል። ይህንን በስሌት ብታሳይ ነጥብህ ይጨምራል፤ የሚያስፈልግህም የክብ ስፋት ቀመር ብቻ ነው። ከሜዳው የሚመጣው ትኩስና ደረቅ ንፋስ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ አረምና ከብት ወደ ደኑ ዘልቀው ይገባሉ። የሚዘልቁት እስከ 30 ሜትር ነው ብለን እናስብ። ይህ ለስሌት የወሰድኩት ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። 5 ሄክታር የሆነ ክብ ደን ራዲየሱ 126 ሜትር ገደማ ነው። 30 ስትቀንስ 96 ይቀራል። የዚያ ክብ ስፋት 2.9 ሄክታር ነው። ስለዚህ ከ5 ሄክታሩ 2.1 የሚሆነው ጠርዝ ነው፤ እውነተኛ ውስጥ አይደለም። ደኑ 1 ሄክታር ቢሆን ደግሞ ውስጡ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። 50 ሄክታር ከሆነ 85 በመቶው ውስጥ ሆኖ ይቀራል።

አሁን አንድ ነገር ጨምር። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መሃል ላይ ነው። ከመሃል 30 ሜትር ያህል ለሕንጻውና ለምእመናን መቆሚያ ተመንጥሯል እንበል። ያ ክፍት ቦታ የራሱ ጠርዝ አለው። ሌላ 30 ሜትር ወደ ውጪ ይገባል። በድምሩ 60 ሜትር ራዲየስ፣ ማለትም 1.1 ሄክታር ከውስጡ ይሄዳል። ከ5 ሄክታር የቀረን 1.8 ነው። በወረቀት 5 ሄክታር የተባለው ደን፣ ጥላና እርጥበት ለሚፈልግ ተክል ከሁለት ሄክታር ያንሳል። ሰፊ አዳራሽ በተሠራ፣ መቃብር በሰፋ ቁጥር ይህ ይብሳል። ለአብነት ተማሪዎች ጎጆ የሚቆረጠው፣ ለንግሥና ለተዝካር የሚነደው ማገዶም ከዚሁ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔም ራሴ በወጣትነቴ ያላየሁት ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር አንድ ደብር ሄድን። ደኑ ያምራል። ወይራዎቹ ሦስት ሰው ተያይዞ አይከባቸውም። ቄሰ ገበዙ በደስታ ተቀበሉን። ገመድ ዘርግተን 10 ሜትር በ10 ሜትር ካሬ ሠራን። ሥራው ቀላል ነው። በዚያ ካሬ ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ በሦስት መደብ ትቆጥራለህ። ከጉልበት በታች ያለ ችግኝ፣ ከጉልበት ያለፈ ግን ከክንድ የቀጠነ ወጣት ዛፍ፣ እና ትልቁ። ተማሪዎቹ ትልልቆቹን ቶሎ ቆጠሩ። ከዚያ ተንበርክከው ችግኝ ፈለጉ። ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። መሬቱ እንደ አውድማ የተመታ ነበር። የከብት ኮቴ፣ የደረቀ እበት፣ የተነጨ ሣር። ጥቂት ገና ሁለት ቅጠል ያወጡ የወይራ ቡቃያዎች አገኘን። ዓመት ያለፈው ግን አንድም አልነበረም። ወጣት ዛፍም የለም። ወደ ሁለተኛው ካሬ ሄድን፤ ያው ነው። አንዷ ተማሪ ቀና ብላ «ጋሼ፣ እነዚህ ሲሞቱስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጤነኛ ደን ቢቆጠር ችግኙ እጅግ ብዙ፣ ወጣቱ መካከለኛ፣ ትልቁ ጥቂት ይሆናል። እንደ ቤተሰብ ነው፤ ልጆች ይበዛሉ፣ አያቶች ያንሳሉ። ቁጥሩ ተገልብጦ አያት ብቻ የቀረበት ደን ዛሬ ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም። ሳተላይት ሙሉ ደን ነው ይላል። ወራሽ ግን የለውም። የሥነ ምህዳር ሰዎች ይህንን የመጥፋት ዕዳ ይሉታል። ጉዳቱ ደርሷል፤ ሞቱ ግን ገና አልታየም። ወይራ ረጅም ዕድሜ ስላለው ዕዳው የሚጠየቀው በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው።

ለምን ችግኝ ጠፋ? እዚህ ላይ ዘሩ የሚያልፍበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል አለብህ። ዛፉ ያፈራል። ፍሬው ይወድቃል። ከወደቀው ብዙውን አይጥና ነፍሳት ይበሉታል። የተረፈው ይበቅላል። እስከዚህ የተፈጥሮ ነው። ችግሩ ቀጥሎ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲጠነክር እረኛው ከብቶቹን ወዴት ይነዳል? ጥላ ወዳለበት። ጥላ ያለው ደግሞ ደኑ ውስጥ ብቻ ነው። ላሟ ቡቃያውን ትበላዋለች፣ ያልበላችውን ትረግጠዋለች። የተረገጠው አፈር ይጠነክራል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዘር ሥር መስደድ ያቅተዋል።

«ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ደህና ጊዜ ይጠብቅ የለ?» ትለኝ ይሆናል። አይጠብቅም። ዶ/ር ዓለማየሁና ፕሮፌሰር ደምል ተክታይ ከእነዚህ ደኖች አፈር ወስደው፣ ውስጡ ያለውን ሕያው ዘር አጥንተዋል። የበዛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። አብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሕይወት አይቆይም። ስለዚህ እነዚህ ዛፎች መጠባበቂያቸውን የሚያስቀምጡት በዘር ሳይሆን በቆመ ችግኝ ነው። ከትልቁ ዛፍ ሥር ሆኖ አያቱ እስኪወድቅና ብርሃን እስኪገባ የሚጠብቀው ትንሽ ችግኝ ነው ተቀማጩ። ከብት ያንን ችግኝ ሲበላ ተቀማጩን ሙሉ በሙሉ አወጣው ማለት ነው። አንድን ደን ለመግደል መጥረቢያ አያስፈልግም የምለው ለዚህ ነው።

ይህ በግምት ብቻ አልቀረም። በሙከራ ተፈትኗል። በደኑ ውስጥ አንዳንዱ ቦታ ታጠረ፤ ሌላው ክፍት ተተወ። በሁለቱም ውስጥ የጽድ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘር ተዘራ፣ ችግኝ ተተከለ። ከብት በሚገባበት ቦታ የበቀለውም፣ የተረፈውም፣ ያደገውም በጣም ያነሰ ሆነ። ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር ልዩነቱን ያመጣው ከብት መሆኑ ታወቀ። በፈተና ላይ ይህን ሙከራ መግለጽ ከአሥር «ይመስለኛል» ይበልጣል።

እንግዲህ ጥበቃው ከዚህ ምክንያት መነሳት አለበት። ጉዳቱ ከብት ከሆነ መፍትሔው ከብትን ማስቀረት ነው። የአገሬው ሰው «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» የሚለው ዓይነት ጥበቃ ነው፤ እዚህ ግን ሰውን ሳይከለክል የሚሠራ። ዶ/ር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር የተወያዩበት ሥራ የድንጋይ ካብ ነው። ለምን ካብ? የእንጨት አጥር ራሱ ደን ይበላል፤ ምስጡም አይምረውም። ሽቦ ይሰረቃል፣ ይዝጋል። ድንጋይ ግን በየማሳው ሞልቷል። ገበሬው ከማሳው ድንጋዩን ለቅሞ ያመጣል፣ ማሳው ለማረሻ ይመቸዋል፣ ካቡም ይሠራል። አንድ ሥራ ለሁለት ጥቅም ዋለ። ሰው ያለ ጉትጎታ የሚሠራው እንዲህ ያለውን ነው።

ካቡ የት እንደሚቆም መወሰኑ ትልቅ ነገር ነው። ከመጨረሻው ዛፍ ግንድ ሥር ከተካበ ደኑ እዚያው ታሰረ። ጥቂት ሜትር ወደ ውጪ ቢወጣ ግን ዘር የሚወድቅበት ባዶ መሬት በካቡ ውስጥ ይገባል። ደኑ በራሱ ይሰፋል። ያ ጥቂት ሜትር የአንድ ገበሬ ማሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካህኑ፣ ሰበካ ጉባኤውና ባለማሳው ቁጭ ብለው መስማማት አለባቸው። በሩም መዘጋት አለበት። በር የሌለው ካብ ወይም የቅዳሜ ገበያ መንገድ ያቋረጠው ካብ አይቼ አውቃለሁ። ድንጋዩ ቆሟል፣ ከብቱም ውስጥ ነው።

ካቡ ከሠራ በምን ታውቃለህ? ከላይ አይታይም፤ ከታች ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ ቡቃያ በዛ ብሎ ይታያል። ይህ ብቻ አይበቃም፤ ቡቃያ ሁልጊዜም አለ። የሚያሳምነው ከሁለትና ከሦስት በጋ በኋላ በሕይወት ያለው ችግኝ ቁጥር ነው። የእኛ በጋ ስምንት ወር ስለሚቆይ፣ ችግኙን የሚፈትነው መስከረም ላይ መብቀሉ ሳይሆን ሚያዝያ ላይ መቆሙ ነው።

ካብ የማይፈታው ነገርም አለ፤ ይህን ብትጽፍ አራሚው እንደገባህ ያውቃል። አንዱ ጽድ ነው። ዝግባ ጥላ ውስጥ ያድጋል። ጽድ ግን ብርሃን ይፈልጋል። ጥላው በጠነከረ ደን ውስጥ ከብት ባይገባም የጽድ ልጅ ላያድግ ይችላል። የሚያድገው ጠርዝ ላይ ወይም ትልቅ ዛፍ ወድቆ ክፍተት በፈጠረበት ነው። እንግዲህ ካቡ ወደ ውጪ ወጣ ብሎ ከተሠራ፣ ያ ጠርዝ ለጽድ ቦታ ይሆነዋል። ሁለተኛው መገለል ነው። ካብ ደሴቱን ያጠናክራል እንጂ ድልድይ አይሠራም። ድልድዩ የሚመለሰው በመካከል ባለው መሬት ላይ ነው፤ በወንዝ ዳር፣ በማሳ ድንበር፣ በእርከን ጠርዝ ላይ ዋንዛ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ቀጋ እንዲቆሙ በመተው። የሚያስቸግረውም ይኸኛው ነው። ካህኑ በግቢው ያዛል፤ በሰው ማሳ ግን አያዝም።

«ዘሩን ሰብስበን በማቀዝቀዣ ብናስቀምጥስ?» የሚል መልስ ብዙ ተማሪ ይጽፋል። ከቦታ ውጪ ጥበቃ ይባላል፤ አዲስ አበባ ያለው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለሰብል ዘር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የጤፍና የገብስ ዘር ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ለብዙ ዓመት ይቆያል። የዶቅማ ዘር ግን ሲደርቅ ይሞታል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም። ለዶቅማ ዘር ባንኩ ዛፉ ራሱ ነው። የቆመበት ደን ከሄደ ሄደ።

ስለ ችግኝ ተከላም አንድ ነገር ልበል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር። መትከል መጥፎ ነው አልልም፤ እኔም ተክያለሁ። ግን መልስህን «እንትከል» ብለህ ከዘጋኸው ሦስት ጥያቄ ያመልጥሃል። ምን ዓይነት ዛፍ? የት? ከሦስት በጋ በኋላ ስንቱ አለ? በአንድ ዓይነት ችግኝ የተሞላ ተራራ አፈር ይይዝ ይሆናል፤ 168 ዓይነት ግን አይሆንም። በደብር ደን ውስጥ የሚሠራው መትከል ማበልጸጊያ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ከብቱን ታስወጣለህ፣ የሚበቅለውን ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በራሱ ያልተመለሰውን ዓይነት ብቻ ትጨምራለህ። ዘሩንም ከዚያው ደን ወይም ከጎረቤት ደብር ነው የምታመጣው፤ ያንን ብርድና ያንን በጋ የለመደውን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የተከልከው የከብት ቀለብ ነው።

ወረቀቱ ላይ እንዴት ታስቀምጠው? 40 ደቂቃ ካለህ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለሁለት ነገር ስጥ፤ የመካከሉ ቁጥቋጦ ጠፍቶ ደኑ ደሴት የሆነበትን መንገድ፣ እና ችግኙ ጠፍቶ ደኑ ወራሽ ያጣበትን መንገድ። የ5 ሄክታሩን ስሌት በሁለት መስመር ሥራው፤ ክቡን በትንሹ ሣለው። የታጠረውንና ያልታጠረውን ሙከራ በሦስት ዓረፍተ ነገር ግለጸው። ጥበቃ ላይ ስትደርስ እያንዳንዱን እርምጃ ከየትኛው ጉዳት ጋር እንደሚገናኝ ተናገር፤ ካብ ለከብት፣ ቁጥቋጦ ለመገለል፣ ማበልጸጊያ ለጠፋው ዓይነት። መጨረሻ ላይ ካብ የማይፈታውን ጻፍ። ዓለም አቀፍ ምሳሌ ካስፈለገህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አምስት አገር መደርደር ጊዜህን ይበላዋል።

ከፈተናው በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርግ። ቅዳሜ ከሰዓት በአቅራቢያህ ወዳለ ደብር ሂድ። ቄሱን አስፈቅድ፤ ለምን እንደሆነ ንገራቸው፣ ደስ ይላቸዋል። 40 ሜትር ገመድ ያዝ፤ በየ10 ሜትሩ ቋጠሮ አድርግበትና ካሬ ዘርጋው። ሁለት ካሬ ሥራ፤ አንዱን ጠርዝ ላይ፣ አንዱን ከውስጥ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓይነት ዛፍ ምረጥ፤ ወይራ ቢሆን ይመረጣል፣ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ከታች ብርማ ወይም ቡናማ ስለሆነ አይጠፋህም። ችግኙን፣ ወጣቱን፣ ትልቁን ለየብቻ ቁጠር። ስድስት ቁጥር ይኖርሃል። እነዚያን ስድስት ቁጥሮች ከነቀናቸው በመልስህ ላይ ጻፋቸው።